የአያትን የሕይወት ታሪክ በቀብር ላይ ማንበብ፦ ድምፄ ይቆረጣል ብሎ ለሚሰጋ የልጅ ልጅ

ባሕር ዳር ውስጥ አያት ሌሊት ካረፉ ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን፣ ከሩቅ የሚጠበቅ ልጅ ካለ ደግሞ በማግሥቱ ነው። ድንኳኑ እየተተከለ፣ የዕድሩ ጥሩምባ እየተነፋ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እናንተ ዞሮ «የሕይወት ታሪኩን አንተ ታነባለህ»፣ «አንቺ ታነቢያለሽ» ይላል። ከዚያ በኋላ ለመጠየቅ፣ ለመጻፍና ለመለማመድ ያላችሁ ጊዜ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። በዚያ ላይ እያለቀሳችሁ ነው የምትሠሩት።

ብዙ ሰው ራሱን ጨክኖ እንባውን መያዝ ያለበት ይመስለዋል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ጽሑፉ ነው። በደንብ የተሰናዳ ጽሑፍ እያለቀሱም ይነበባል፤ ያልተሰናዳው ደግሞ ደረቅ ዓይን ያለውንም ሰው ያስቆመዋል። ስለዚህ ጊዜያችሁን የምታውሉት ራሳችሁን በመገሠጽ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ይሁን።

መጀመሪያ ሦስት ሰዎችን ጠይቁ

አንደኛው የዕድሩ ዳኛ ወይም ከደብሩ ጋር የሚነጋገረው ሽማግሌ ነው። እርሱን የምትጠይቁት ምንባቡ ከጸሎተ ፍትሐቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የት ቆማችሁ ታነባላችሁ፣ ስንት ደቂቃ ተፈቅዷል፣ ድምፅ ማጉያ አለ ወይ የሚለውን ነው። ይህ ከደብር ደብር ይለያያል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ያያችሁትን ሽምብጥ ሚካኤል ላይ አትጠብቁ። አምስት ደቂቃ ከተባለ የአራት ደቂቃ ጽሑፍ አዘጋጁ፤ የቀረችው ደቂቃ ለእንባው ናት።

ሁለተኛው ከልጆቻቸው ታላቁ ወይም ታላቋ ነው። ከእነርሱ የምትፈልጉት የወላጆቻቸውን ስም፣ የትውልድ ቦታቸውን፣ የትዳራቸውን ታሪክና የልጆቹን ዝርዝር በተወለዱበት ቅደም ተከተል ነው። በቀብር ላይ ቂም የሚያስይዘው የዓረፍተ ነገር ውበት ሳይሆን የተረሳ ስም ነው። በልጅነቱ የሞተ፣ ከሌላ ትዳር የመጣ፣ ሳይወልዱ ያሳደጉት፣ ውጭ አገር ያለ ሁሉ መቆጠር አለበት። ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ሁሉንም ስም በወረቀት ላይ ዘርዝሩና ቁጠሩ፤ «ሰባት ናቸው» የሚለውን በአፍ ብቻ አትቀበሉ።

ሦስተኛው በመጨረሻዎቹ ዓመታት አብሯቸው የኖረ ሰው ነው። የቤት ሠራተኛዋ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት፣ ወይም የማኅበር ጓደኛቸው ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሰው አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር ምን ነበር?» ልጆቻቸው «ደግ ነበረች» ይሏችኋል። ጎረቤቷ ግን ያ ደግነት በምን እንደሚታይ ትነግራችኋለች።

የልደት ዘመኑ

በአያቶቻችን ዘመን ለተወለዱ እናቶች የልደት ቀን የተመዘገበ ወረቀት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ መታወቂያ ላይ ያለው ዓመትም ብዙ ጊዜ በግምት የተሞላ ነው። ራሳቸው ሲናገሩት የነበረውን ከታወቀ ዘመን ጋር አስተያዩት። ጣልያን ባሕር ዳርን ጨምሮ ከአገር የወጣው በ1933 ነው፤ ንጉሡ የወረዱት መስከረም 1967 ነው፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው።

እዚህ ለምሳሌ የምንከተላቸው አያት የዘጌ ተወላጅ ናቸው፤ ወይዘሮ እገሊት እንበላቸው። መታወቂያቸው 1925 ይላል። እርሳቸው ግን «ጣልያን ሲወጣ ገና በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነበር» ይሉ ነበር። ታዝሎ የሚሄድ ልጅ ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ 1931 ይሆናል። የመጀመሪያ ልጃቸው በ1950 ከተወለደ ያን ጊዜ 19 ዓመታቸው ነበር፤ ይህም ይስማማል። ጽሑፉ ላይ «በ1931 ዓ.ም. ገደማ» ብላችሁ ጻፉ። ያረፉት በ2017 ከሆነ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቁጥር 86 መሆኑን ደግማችሁ አስሉ። መጀመሪያ ላይ አንድ ዓመት፣ መጨረሻ ላይ የማይገጥም ዕድሜ ከተነበበ ከሕዝቡ መሐል የሚያርማችሁ ሰው አይጠፋም፤ በዚያች ሰዓት መታረም ደግሞ ድምፅን ይሰብራል።

ግሡ ሳይደርስ ትንፋሽ እንዳያልቅ

የተለመደው የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ አንድ ትልቅ ችግር አለው። እንዲህ ነው የሚጻፈው፦

«ወይዘሮ እገሊት በዘጌ ተወልደው በወላጆቻቸው ቤት በእንክብካቤ አድገው ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ በወግ በማዕረግ ተድረው ወደ ባሕር ዳር መጥተው ሰባት ልጆችን ወልደው አሳድገው ለቁም ነገር ያበቁ እናት ነበሩ።»

በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። የተረጋጋ ሰው ይህን በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። ያለቀሰ ሰው ትንፋሽ ግን አጭር ነው፤ «ሰባት ልጆችን» ላይ ሲደርስ አየሩ ያልቃል። አየሩ ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥናል፤ ድምፁ ሲቀጥን ራሱ አንባቢው ይሰማዋል፤ የራሱን ድምፅ ሲሰማ ይሰበራል። ስለዚህ ያንኑ ነገር እንዲህ ቆራርጡት፦

ወይዘሮ እገሊት በ1931 ዓ.ም. ገደማ በዘጌ ተወለዱ። /
ያደጉት በወላጆቻቸው ቤት ነው። /
ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ / በወግ በማዕረግ ተዳሩ። /
ከዚያም ወደ ባሕር ዳር መጡ። /
ሰባት ልጆች ወልደዋል፤ / አምስቱ በሕይወት አሉ። /

አንድ ዓረፍተ ነገር ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ቃል አይብለጥ። ዘንባላዋ ምልክት ትንፋሽ የሚወሰድባት ቦታ ናት። እንዲህ የተጻፈ ነገር በዓይን ሲታይ ደረቅ ይመስላል፤ በአደባባይ ሲሰማ ግን ከረጅሙ ይልቅ ይከብዳል፣ ሕዝቡም እያንዳንዱን ነገር ይይዘዋል።

የሚያስለቅሰው መስመር የት ይቀመጥ

የሕይወት ታሪክ የታወቁ ደረቅ ክፍሎች አሉት፦ ትውልድ፣ ትዳር፣ ልጆች፣ ማኅበርና ዕድር፣ ሕመም፣ ዕረፍት፣ ምስጋና። እነዚህ አሰልቺ ናቸው ብላችሁ አትጣሏቸው። ቁጥርና ስም ማንበብ አእምሮን ሥራ ያሲዘዋል፤ ድምፅም በቁጥርና በስም ላይ ይረጋጋል። የሚያስለቅሰው መስመር በእነዚህ መካከል ይገባል እንጂ ከፊታቸው ወይም ከመጨረሻቸው አይቀመጥም።

መጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ከሁሉ የከፋው ነው። ስለዚህ በ«አያቴ» ወይም ቤት ውስጥ በምትጠሯቸው ስም አትጀምሩ። «እምዬ» ስትሏቸው ከኖራችሁ ያ ቃል ጽሑፉ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ከሁሉም ቃላት ይልቅ አንባቢን የሚጥለው የቤት ስም ነው። መጀመሪያው መስመር «የወይዘሮ እገሊት አጭር የሕይወት ታሪክ» ይሁን፤ እስከ መጨረሻውም በአንቱታ፣ ስለ እርሳቸው እንደምትናገሩ ሆናችሁ ቀጥሉ። «ተለየሽን፣ ጥለሽን ሄድሽ» ብሎ ሟችን በቀጥታ ማናገር የሙሾ ነው። ሙሾው የራሱ ጊዜና የራሱ አውጪዎች አሉት፤ አንባቢው ወደዚያ ከገባ ወደ ንባቡ መመለስ ይከብደዋል።

የሚያስለቅስ ነገር አንድ ብቻ ምረጡ፤ ቢበዛ ሁለት። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» የሚለውን ለማንኛዋም እናት ማለት ይቻላል። ጎረቤታቸው የነገረቻችሁን ግን ሌላ ሰው አይጋራውም፦

ከዘጌ በጀልባ የመጣ ዘመድ ሁሉ / የሚያርፈው እርሳቸው ቤት ነበር። /
መደቡ ሲሞላ / ቦታቸውን ለእንግዳ ይለቁ ነበር። /
እርሳቸው ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ። / /
የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበርና የሰፈሩ ዕድር አባል ነበሩ። /

ሦስተኛው መስመር ላይ ሁለት ዘንባላ እንዳለ ልብ በሉ። እዚያ ላይ ሕዝቡ ያለቅሳል። ያን መደብ የሚያውቁ የዘጌ ሰዎች ሕዝቡ ውስጥ ቆመዋል፤ አንዷ እዬዬ ካለች ሌሎቹ ይከተሏታል። በዚያ ልቅሶ ላይ ለማንበብ አትሞክሩ፤ ማንም አይሰማችሁም፣ እናንተም ድምፃችሁን ስታነሡ ትሰበራላችሁ። ዝም በሉና ቁሙ። ሽማግሌዎቹ ያረጋጓቸዋል። ጸጥ ሲል የሚጠብቃችሁ መስመር ስለ ማኅበርና ስለ ዕድር የሚናገር ደረቅ መስመር ነው፤ በእርሱ ላይ ድምፃችሁ ይመለሳል። የሚያስለቅሰው መስመር በደረቆቹ መካከል ይግባ ያልነው ለዚህ ነው።

መጨረሻው ምስጋና ይሁን፦ ላስታመሙ፣ ከሩቅ ለመጡ፣ ለዕድሩ፣ ለካህናቱ። «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን» የሚለውን ሕዝቡ ስለሚያውቀው ድምፃችሁ ቢጠፋ እንኳ በ«አሜን» ይሞላላችኋል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለታላቁ ልጅና ለንስሐ አባታቸው አሳዩት። ካህኑ የክርስትና ስማቸውን ያርማሉ፤ «ቅድስት ነበሩ» ዓይነት ነገር ካለም እንድታወጡት ይነግሯችኋል።

ወረቀቱ

በስልክ አታንብቡ። ፀሐይ ላይ አይታይም፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ገጹ ይሸሻል፣ መሐል ላይ የለቅሶ ደዋይ ይገባበታል። ኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ወስዳችሁ በ18 ቁጥር ፊደል፣ መስመሩ ሰፋ ብሎ፣ በአንድ ገጽ ብቻ (ጀርባው ባዶ ሆኖ) አሳትሙ። መስመሩ የሚሰበረው ወረቀቱ ሲያልቅ ሳይሆን ትንፋሹ በሚወሰድበት ቦታ ነው፤ ከላይ እንዳሉት ምሳሌዎች። አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው እንዳይሻገር አድርጉ። ገጾቹን በትልቁ ቁጠሯቸውና በደረቅ ፋይል ላይ በሁለት ቦታ አያይዟቸው። ከቀትር በኋላ ከጣና የሚነፍሰው ንፋስ ለጣና በቀረበ ደብር ቅጥር ውስጥ ልቅ ወረቀት አያስይዝም። ክረምት ከሆነ ገጾቹን በላስቲክ ፋይል ውስጥ አስገቧቸው፤ ላስቲኩ ፀሐይ ላይ ስለሚያብለጨልጭ በበጋ ግን አውጧቸው።

ሦስት ቅጂ አሳትሙ፦ አንዱ የእናንተ፣ አንዱ የተተኪው፣ አንዱ የዕድሩ ዳኛ ዘንድ።

ልምምዱ

ከድንኳኑና ከለቅሶው ራቁ። የጎረቤት ጓዳ ይሻላል፤ ወይም በሐይቁ ዳር እየተራመዳችሁ። በልባችሁ ማንበብ ልምምድ አይደለም፤ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው ላይ ታለቅሳላችሁ፤ ይሁን፣ አትከልክሉት። የት ላይ እንዳለቀሳችሁ ግን በእርሳስ ክበቡት። ሁለተኛው ላይ ያው ቦታ ይመጣል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ እየቀለለ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ቃሉ ድንገተኛ መሆኑ ይቀራል። አራት ጊዜ አንብባችሁ አሁንም የሚጥላችሁ ቃል ካለ ቃሉን ለውጡት። «ታቅፈው አሳደጉን» የማያስኬዳችሁ ከሆነ «እርሳቸው ናቸው ያሳደጉን» በሉ። ማንም ልዩነቱን አይፈልግም።

በመጨረሻው ልምምድ ጊዜውን ለኩ። በዝግታ ሲነበብ አራት ደቂቃ ካለፈ ቀንሱ፤ የሚቀነሰው ግን ስም አይሁን።

ሌሊቱን ስታለቅሱ አድራችሁ ከሆነ ድምፃችሁ ሻክሯል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ቡና በላይ በላይ ይቀዳል፤ ከአንድ ስኒ በላይ አትጠጡ፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ አፍም ያደርቃል። የጾም ሰዓት ላይ ካልሆናችሁ ለብ ያለ ውኃ በትንሽ በትንሹ ጠጡ፤ አንድ ጉርሻ እንኳ ቢሆን ቅመሱ። በባዶ ሆድ በቀትር ፀሐይ የቆመ ሰው የሚወድቀው ከኀዘን ብቻ አይደለም።

ቆማችሁ ስታነቡ

አስከሬኑ ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ፎቶግራፋቸውን የያዘው ሰውም ትይዩአችሁ እንዳይቆም ቀድማችሁ ንገሩት። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ የት እንደሚቀመጡ ዕወቁና ዓይናችሁን ከዚያ ላይ አንሡ። ቀና ማለት ሲያስፈልጋችሁ ከሕዝቡ ራስ በላይ፣ ወደ ደብሩ ዛፎች ጫፍ ተመልከቱ፤ ከሩቅ ለሚያያችሁ ሕዝቡን እንደምታዩ ነው የሚመስለው።

ፋይሉን በግራ እጅ ያዙ፤ የቀኝ አመልካች ጣት በምታነቡት መስመር ላይ ይሁን። ዓይን በእንባ ሲሸፈን መስመሩን የሚያስታውሰው ጣት ነው። ማይክ ካለ ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፤ ከአፍ አራት ጣት ያህል ይራቅ። ማጉያ ሲኖር መጮህ አያስፈልግም። ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ ጀምሩ፤ ከፍ ብሎ የተጀመረ ድምፅ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ጉልበታችሁን ገትራችሁ አትቁሙ፣ ላላ ይበል።

ድምፁ ሲቆረጥ

ልቅሶ ሲመጣ ሰውነት ብዙ አየር ፈልጎ ጉሮሮን ከፍቶ ለመያዝ ይሞክራል፤ ለመናገርና ለመዋጥ ደግሞ መዝጋት ያስፈልጋል። ጉሮሮ ላይ ድፍን ነገር የተቀረቀረ የሚመስለው ሁለቱ ሲጋጩ ነው። በዚያ ላይ ቃል ገፍቶ ማውጣት የባሰ ያጠብቀዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቁሙ፤ መጀመሪያ አየሩን በአፍ ቀስ ብላችሁ እስኪያልቅ አውጡ፤ ከዚያ በአፍንጫ ወደ ሆድ አስገቡ፤ ምራቃችሁን ዋጡ፤ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀምሩ። ከቃሉ መሐል አትቀጥሉ። አየር መሳብን አስቀድማችሁ ሕቅ፣ ሕቅ ካላችሁ ልቅሶው ይጠነክራል፤ ማውጣቱ ነው የሚያረጋጋው። ይህ ሁሉ አሥር ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ለእናንተ ረጅም ነው፤ ለቆመው ሕዝብ ግን አይደለም፣ እርሱም እንባውን እየጠረገ ነው።

«ይቅርታ» አትበሉ። ይቅርታ ስትሉ ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ አይዞህ» ይላል፤ ያን ጊዜ ማንም አይችለውም።

ተተኪ አስቀድማችሁ ምረጡ። የቅርብ ሐዘንተኛ አይሁን፤ የሩቅ የአጎት ልጅ ወይም የማኅበር ሰው ይሻላል። ቅጂውን ይዞ በቀኝ በኩል ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቁም፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አንብቦት ይሁን። ስምምነቱ ግልጽ ይሁን፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት ጊዜ ከተቆረጣችሁ ፋይሉን ታወርዳላችሁ፣ እርሱ ከዚያው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ይቀጥላል። እናንተ ከአጠገቡ አትነሡ። ብዙ ጊዜ ከአንድ አንቀጽ በኋላ ድምፅ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ክንዱን ነካ አድርጋችሁ ምስጋናውን ራሳችሁ አንብቡ። ተተኪ መኖሩን ማወቁ ብቻ ብዙ ሰው ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ያደርገዋል።

ጨርሳችሁ ስትወርዱ ዘመድ ቅጂውን ይጠይቃል፤ ለአርባውና ለሙት ዓመቱ ይፈለጋል፣ ለመቃብሩ ጽሑፍም ዓመቱና ስሙ የሚወሰደው ከእርሱ ነው። ስለዚህ በሠልስቱ ቀን፣ ሰው ሰብሰብ ሲል፣ የጎደለ ስም ወይም የተሳሳተ ዓመት ካለ ጠይቃችሁ በዳኛው እጅ ያለውን ቅጂ አርሙ።